«ባለቤቴን የት ነው የምንቀብረው?»

«ባለቤቴ በድንገት ካረፈ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የስድስትና የሦስት ዓመት ልጆች አሉን። እኔ እዚሁ ልቀብረው እፈልጋለሁ። ሜሪላንድ የሚኖረው ዋርሳዬ ግን ‹ወንድሜ የሚያርፈው ደብረ ብርሃን፣ አያቶቹ ባረፉበት ደብር ነው› ብሎ፣ እኔ ራሴን ስቼ በተኛሁበት ቀን ፊውነራል ሆሙ ጋ ሄዶ ፈርሟል። የባለቤቴ አባትም ደውለው ‹ልጄን ላኪልኝ› አሉኝ። እናቱ ገና አልተረዱም። የእኔ የጥገኝነት ጉዳይ አልተወሰነም፤ አገር ቤት መሄድ አልችልም። ባለቤቴ በጽሑፍ የተወው ነገር የለም። የጓደኛው አስከሬን ሲሸኝ ግን ‹እኔን ልጆቼ ባሉበት ቅበሩኝ› ብሎኝ ነበር። እነሱ ደግሞ ‹ደብረ ብርሃን ቤት የሠራው ሊመለስ ስለሚፈልግ ነው› ይላሉ። ጎፈንድሚውንም ዋርሳዬ ‹ወደ አገሩ ለመሸኘት› ብሎ ከፍቶታል። ሚስቱ እኔ አይደለሁም ወይ? መብቱ የማን ነው?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእሱንም ነፍስ ይማር። ጊዜ ስለሌለሽ ዛሬ መደረግ ካለበት ልጀምር።

አሁኑኑ ለፊውነራል ሆሙ ኢሜይል ጻፊ። ስልክ ብቻ አይበቃም። ሕጋዊ ሚስቱ መሆንሽን ግለጪ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን አያይዢ። ከዚያ ይህችን ነጥብ በግልጽ አስፍሪ፦ «በቀብሩ ላይ በቤተሰቡ መካከል አለመግባባት አለ። በስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪፈታ ድረስ አስከሬኑ እንዳይንቀሳቀስ።» ዋርሳሽን መክሰስ፣ ማን ምን እንዳለ መዘርዘር አያስፈልግም። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤተሰብ ካልተስማማ፣ ፊውነራል ሆሙ ሥራውን አቁሞ መጠበቅ ይችላል፤ በመጠበቁም አይጠየቅም። አለመግባባት መኖሩን በጽሑፍ ካወቁ በኋላ ደግሞ አብዛኞቹ አንድ እርምጃ አይሄዱም። የሚፈሩት ችግር ነውና።

በዚያው ኢሜይል ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው፣ አስከሬኑ መድኃኒት ተደርጎለታል ወይስ በማቀዝቀዣ ነው ያለው? የቨርጂኒያ ሕግ ከ48 ሰዓት በላይ የሚቆይ አስከሬን ወይ መድኃኒት እንዲደረግለት፣ ወይ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በማይበልጥ ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ ያዛል። ስለዚህ «ይበላሻል፣ ነገ ካልተላከ አይሆንም» ብሎ ሊያጣድፍሽ የሚሞክር ሰው ካለ አትደንግጪ። ጥቂት ቀን መጠበቅ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ዋርሳሽ የፈረመውን ውል ቅጂ ጠይቂ። ፊርማው ወጪውን እሱ እከፍላለሁ ማለቱ ሊሆን ይችላል። በቀብሩ ቦታ ላይ የመጨረሻ ቃል ሰጠ ማለት ግን አይደለም። ማቆያው በየቀኑ ሊያስከፍል እንደሚችልም እወቂ፤ ዋጋውን አስቀድመሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ሚስቱ እኔ አይደለሁም ወይ?» ነሽ። ግን መልሱ የምትኖሪበት ስቴት ላይ ይወሰናል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዋርሳሽ በሚኖርበት በሜሪላንድ ሕጉ ቅደም ተከተል አለው። ሟቹ በጽሑፍ የወከለው ሰው ካለ እሱ ይቀድማል፤ ከሌለ የትዳር ጓደኛ፣ ከዚያ ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች፣ ከዚያ ወንድምና እህት። ሲልቨር ስፕሪንግ ብትኖሩ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ስትገቢ ግን እንደዚያ አይደለም። የቨርጂኒያ ሕግ ሚስትን፣ አዋቂ ልጆችን፣ ወላጆችን፣ ወንድምና እህትን «የቅርብ ዘመድ» ብሎ በአንድ ዝርዝር ያስቀምጣቸዋል እንጂ ማን ከማን እንደሚቀድም አይደረድርም። ከሁሉም የሚቀድም አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ሟቹ በኖተሪ ፊት በፈረመው ጽሑፍ የወከለውና ውክልናውንም በጽሑፍ የተቀበለ ሰው። ያ ደግሞ እናንተ ጋ የለም።

ስለዚህ «ሚስት ነኝ፣ አለቀ» የሚለው ክርክር ቨርጂኒያ ላይ ብቻውን አይሠራም። «የደም ዘመድ ነን» የሚለው የእነሱ ክርክርም እንዲሁ። ሁለታችሁም በእኩል በር ነው የምትገቡት። ካልተስማማችሁ ከእናንተ አንዱ፣ ሟቹ ይኖርበት በነበረው ከተማ ሰርኪዩት ኮርት ማመልከት ይችላል፤ በእናንተ ጉዳይ የአሌክሳንድሪያው ማለት ነው። ዳኛው የሚመዝነው ነገር በሕጉ ላይ ተጽፏል፦ ሟቹ የገለጸው ፍላጎት፣ ተከራካሪዎቹ ከሟቹ ጋርም እርስ በርሳቸውም ያላቸው ሕጋዊና እውነተኛ ግንኙነት፣ ሌላም ጠቃሚ ያለው ነገር። «እውነተኛ ግንኙነት» ማለት ወረቀቱ ብቻ አይደለም። አብሮ መኖር አለ፣ ልጅ ማሳደግ አለ፣ በሕመም ጊዜ ማን አጠገቡ እንደነበረ አለ። እዚህ ላይ አንቺ ጠንካራ ነሽ።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። ጋብቻችሁ በሕግ የተመዘገበ ነው? አገር ቤት ተጋብታችሁ ከሆነ የምስክር ወረቀቱን ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ አዘጋጂ። እዚሁ ቨርጂኒያ የጋብቻ ፈቃድ ሳታወጡ በቤተ ክርስቲያን ብቻ ተጋብታችሁ ከሆነ ግን አቋምሽ ይዳከማል። ቨርጂኒያ አብሮ በመኖር ብቻ የሚጸና ጋብቻ አታውቅም። እንደዚያ ከሆነ ሌላ እርምጃ ከመውሰድሽ በፊት ጠበቃ አነጋግሪ።

ክብደቱ ያለው የእሱ ፍላጎት ላይ ነው። «ልጆቼ ባሉበት ቅበሩኝ» ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ አሁን ባለው ሁኔታ የሰማሽው አንቺ ብቻ መሆንሽ ነው። ዳኛ ፊት፣ የሚጠቅማት ሰው ብቻዋን የምትናገረው ቃል ይሳሳል። እስቲ ያን ቀን አስታውሺ። የጓደኛው አስከሬን ሲሸኝ ማን ማን አብሯችሁ ነበር? የነገረሽ መኪና ውስጥ ነው ወይስ ሰው ባለበት ሀዘን ቤት? ለሥራ ባልደረባው፣ ለክርስትና አባቱ፣ ለሰፈር ጓደኛው ተመሳሳይ ነገር ብሎ አያውቅም? የስልኩን መልእክቶች እዪ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ያን ሰሞን የላካቸው የድምፅ መልእክቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ለሥራ ቦታው ኢንሹራንስ ወይም ለእድሩ የሞላው ፎርም ካለ ተመልከቺ። ሁለት ሰው እንኳ ሰምቶ ከሆነ ቃላቸውን ዛሬ በጽሑፍ ይስጡ፤ ጊዜ ሲያልፍ ሰው በሁለቱ ወገን መካከል ላለመግባት «አላስታውስም» ማለት ይጀምራል።

የንስሐ አባቱ ጉዳይ ለብቻው ነው። ለሽምግልና የሚሻል ሰው የለም፤ ጥሪያቸው። ግን በንስሐ የነገራቸውን እንዲመሰክሩ አትጠይቂያቸው። አይነግሩሽም፤ መጠየቁ ራሱ ያስቀይማቸዋል።

የደብረ ብርሃኑ ቤት ክርክር ደካማ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። ዳኛ «ቤት ሠርቷል፣ ስለዚህ እዚያ ይቀበር» አይልም። በሕይወት ተመልሶ ለመኖር ማቀድና ከሞቱ በኋላ አስከሬኑ እንዲላክ መፈለግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እዚህ አገር ያለ ብዙ አበሻ አገር ቤት ቤት ሠርቷል፤ ከእነሱም ብዙዎቹን ልጆቻቸው እዚህ ቀብረዋቸዋል። ነገር ግን እነሱም ምስክር ሊያመጡ ይችላሉ። ለአባቱ በስልክ «ብሞት አገሬ አፈር ልግባ» ብሎ ከነበረ ያም ይመዘናል። የኋለኛው ቃል ከፊተኛው ሊበልጥ ይችላል። ልጆች ከተወለዱ በኋላ የተናገረው ደግሞ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ከሕጉ ልውጣ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ የከነከነኝ «እናቱ ገና አልተረዱም» የሚለው ነው። ዋርሳሽ በእናቱ ስም ነው የሚከራከረው፤ እናቱ ግን ልጃቸው መሞቱን እንኳ አያውቁም። አስከሬኑ እስኪገባ መርዶውን የማቆየት ልማድ ይገባኛል። ድንገት እንዳይሆንባቸው ነው፤ ለቅሶውም ቀብሩም በአንድ ይሁን ተብሎ ነው። እዚህ ግን ልማዱ ወጥመድ ሆኗል። እናቱ ሳይረዱ የቀብሩ ቦታ ሊወሰን አይገባም፤ ለአንቺም ለእነሱም። ከተላከ በኋላ ሚስቱና ልጆቹ ቀብሩ ላይ እንደሌሉ፣ እንደማይመጡም ቢያውቁ ምን ይላሉ? እዚህ ከተቀበረ ደግሞ ከወራት በኋላ መስማት የማይሽር ቁስል ነው።

ስለዚህ ለአማትሽ ደውዪ። በስፒከር አይሁን፤ ዋርሳሽም መስመር ላይ አይኑር። ልጅ ለአባት እንደሚናገር ተናገሪያቸው። «አባባ፣ ሳላስነግርዎ አልቀብረውም። ግን እማማ ሳይረዱ በስማቸው መወሰን ይከብደኛል። ሽማግሌ ይላኩና በማለዳ ይርዱ። ከዚያ እሳቸውም ይናገሩ» በያቸው። ከዚያ አለመሄድሽ ጭካኔ እንዳልሆነ ንገሪያቸው፦ «ከሄድኩ መመለስ አልችልም፤ ልጆቹን ይዤ መጥቼ አብሬያችሁ ማልቀስ አልችልም። እዚያ ከተቀበረ የልጅ ልጆችዎ የአባታቸውን መቃብር ሳያውቁ ያድጋሉ።» ብዙ የአገር ቤት ሰው የጥገኝነት ጉዳይ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። «ወረቀት ስለሌላት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም መምጣት ያልፈለግሽ ይመስለዋል።

እናቱ «ልጄን በዓይኔ ልየው» ሊሉ ይችላሉ። እዚህ ላይ እውነቱ መነገር አለበት። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ አስከሬን መድኃኒት ይደረግለታል፤ አየር በማያስገባ በታሸገ ሳጥን ይገባል። የሞት ምስክር ወረቀቱ፣ የማጓጓዣ ፈቃዱና ተላላፊ በሽታ የለበትም የሚለው ደብዳቤ ይሟላል፤ ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲም ሰነዶቹን ያረጋግጣል። ከዳለስ አየር ማረፊያ በካርጎ ተጭኖ ቦሌ ይደርሳል፤ ከቦሌ ደብረ ብርሃን ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ቀናት ይቆጠራሉ። ደርሶም የታሸገው ሳጥን ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ነው የሚቀበረው። «ፊቱን አይታ ትሸኘው» የሚለው ተስፋ ላይሟላ እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁት።

የእኔ ሐሳብ እዚሁ ቅበሪው ነው። ቃሉ ወደዚህ ያመዝናል፤ ልጆቹ እዚህ ናቸው፤ አንቺም መሄድ አትችዪም። ግን ሦስት ነገር አድርገሽ ቅበሪው።

ከሁሉ በፊት ፍትሐቱና ቀብሩ በቀጥታ በቪዲዮ ይተላለፍላቸው፤ ሰዓቱም ለደብረ ብርሃን የሚመች ይሁን። እዚህ ረፋድ ላይ ሲሆን እዚያ ምሽት ነው። ስልኩን የሚይዝ አንድ የታመነ ሰው መድቢ፤ አንቺ አትያዢው።

ቀጥሎ የአርባ ተዝካሩን እነሱ ያውጡት። ደብረ ብርሃን፣ አያቶቹ ባረፉበት ደብር። የክርስትና ስሙን ላኪላቸው፤ ካህናቱ በዚያ ነው የሚጸልዩለት። ከወጪው የምትችዪውን አግዢ። ተዝካሩ የእናትየው ይሁን፤ የሚያለቅሱበት፣ ሰው የሚመጣላቸው፣ ልጃቸውን የሚሸኙበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። በዚያው አጥር ግቢ የመታሰቢያ ድንጋይ ለማቆም ደብሩ ከፈቀደ ለእሱም ተስማሚ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ወላጆቹ መምጣት ከፈለጉ አዲስ አበባ ያለውን የአሜሪካ ኤምባሲ በቀብር ምክንያት ፈጣን ቀጠሮ እንዲጠይቁ ሞክሩ። ቪዛ ይሰጣቸዋል ብለሽ ቃል አትግቢ። ሊከለከሉ ይችላሉ፤ ቃል ገብተሽ ሳይሆን ቢቀር ደግሞ ጥፋቱ ወደ አንቺ ይዞራል። አስከሬኑን ለቪዛው ብለሽ ሳምንታት አታቆዪው። ቀን ቁረጪና ንገሪያቸው።

ጎፈንድሚውን በቸልታ አትዪው። የተሰበሰበው ገንዘብ ገጹ ላይ ለተጻፈው ዓላማ ነው መዋል ያለበት፤ የጎፈንድሚ ደንብ ነው። «ወደ አገሩ ለመሸኘት» ተብሎ ተሰብስቦ እዚህ ከተቀበረበት፣ ገንዘብ የሰጠ ሰው ሊያመለክት ይችላል፤ ሐሜቱ ደግሞ ከማመልከቻው ይፈጥናል። ከተስማማችሁ ዋርሳሽ ገጹ ላይ አዲስ መልእክት ይጻፍ፦ ቤተሰቡ እዚሁ ለመቅበር መስማማቱን፣ ገንዘቡ ለቀብሩ፣ ለተዝካሩና ለልጆቹ እንደሚውል። መልእክቱ በእሱ ስም መውጣቱ ለአንቺም ይጠቅማል፤ ጠብ አለ የሚለው ወሬ ይበርዳል። ዓላማው ሳይቀየር አንዲት ሳንቲም አትንኪ። የእድሩን ገንዘብ በተመለከተ ደግሞ ደንቡን አንብቢ፤ ለማን እንደሚከፈል በአባልነት ፎርሙ ላይ ተጽፎ ይሆናል።

ዋርሳሽ አልሰማም ቢልስ? ቀን ስጪው። «እስከ ዓርብ በንስሐ አባቱ ፊት እንቀመጥ፤ ካልተስማማን ሰኞ አመለክታለሁ» በዪው፤ በጽሑፍ። ያልሽውንም አድርጊው። ጠበቃሽ ለሰርኪዩት ኮርቱ ማመልከቻ ሲያስገባ ጉዳዩ አስከሬን ስለሆነ አስቸኳይ ቀጠሮ ይጠይቅ፤ ውሳኔ እስኪሰጥም አስከሬኑ እንዳይላክ ጊዜያዊ እግድ ይጠይቅ። ይዘሽ የምትሄጂው ይህ ነው፦ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ወረቀት፣ አብራችሁ መኖራችሁን የሚያሳይ የኪራይ ውል ወይም ሞርጌጅ፣ የምስክሮቹ ቃል፣ ለፊውነራል ሆሙ የጻፍሽው ኢሜይልና የጥገኝነት ጉዳይሽ ማስረጃ። የመጨረሻው ለምን እንዳስፈለገ ጠበቃሽ ይገባዋል። ልጆቹ መቃብሩን መጎብኘት መቻላቸው ዳኛው «ጠቃሚ» ሊላቸው ከሚችሉ ነገሮች አንዱ ነው።

ፍርድ ቤት ሳትሄዱ ከተስማማችሁ ስምምነቱን በአንድ ገጽ ጻፉት፤ አንቺም ዋርሳሽም ፈርሙበት፤ አባትየውም በቴሌግራም ቃላቸውን ያስገቡ። ለፊውነራል ሆሙ ላኪው። ያኔ ነው ቀብሩ ቀን የሚያዝለት። አንዴ ከተቀበረ በኋላ አስከሬን ማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቶችም በቀላሉ አይፈቅዱም። ያ ለአንቺ ይረዳሻል፤ ተልኮ ደብረ ብርሃን ከተቀበረ ደግሞ ይብስብሻል፤ የቨርጂኒያ ዳኛ እዚያ ድረስ እጁ አይደርስም። ስለዚህ ነው ኢሜይሉን ዛሬ ጻፊ ያልኩሽ።

ከቀብሩ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። የጥገኝነት ጉዳይሽ በእሱ ፋይል ስር ከሆነ፣ ማለትም ዋናው አመልካች እሱ ከነበረ፣ ሞቱ ጉዳይሽን ሊነካው ይችላል። ይህንን ለቀብሩ ጠበቃ አትተዪው፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ በዚሁ ሳምንት አነጋግሪ። የሞት ምስክር ወረቀት ስታስወጪም አንድ ሁለት ብቻ አትጠይቂ፤ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ሶሻል ሴኩሪቲም የየራሱን ቅጂ ይፈልጋል። ልጆቹ በአባታቸው ሥራ ከሶሻል ሴኩሪቲ ወርኃዊ ክፍያ ሊያገኙ ስለሚችሉ ወደዚያም ቶሎ ደውዪ።